ባለ አንድ ኮከቡን ሰውዬ ተዉልኝ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከትናንት ጀምሮ የምትጽፉትን እያየሁ ነው። ቡልቡላ ያለችው ምግብ ቤቴ ጉግል ማፕ ላይ አንድ ኮከብ ተሰጥቷታል። የሰውዬው ቃል አጭር ነው፦ የሸተተ አሳ ቀረበልኝ፣ ስናገር ተሳቀብኝ፣ ሙሉ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ ይላል። እናንተም «ቲቸርን እንዴት ቢደፍር ነው!» ብላችሁ ዘመታችሁበት። አንዱ የተፎካካሪ ተላላኪ አደረገው። ሌላው «ሃምሳ ሆነን አምስት አምስት ኮከብ እንስጥና እንቅበረው» አለ።

ፍቅራችሁ ይገባኛል። ግን ሰውዬው እውነቱን ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከባቱ ቆሮሶ መጣልን። ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ ሰባት ኪሎ ያህል ተርፎ ፍሪጅ ገባ። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ የመጣው ንጋት 12 ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፣ የኛ ደግሞ ለስላሳ ለማውጣት ሲከፈት ሲዘጋ ነበር ያመሸው። ጠዋት መብራቱ ሲመጣ አሳው እንደገና ቀዘቀዘ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሲነኩት ቀዝቃዛ ስለሆነ ደህና ይመስላል። የቀዘቀዘው ግን ከተበላሸ በኋላ ነው።

ወጥ ቤቷ ልጅ ነቅታለች። «ጋሼ፣ ሥጋውን በጣት ስጫነው ተመልሶ አይነሳም፣ ሽታውም ልክ አይደለም» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ሎሚ ጨመር አድርጊበትና በደንብ ጥበሺው።» ሰባት ኪሎ መጣል አንጀቴ አልቻለም። ለሎሚና ለዘይት ስል የሰው ሆድ ላይ ቁማር ተጫወትኩ። መጥበስ ሽታ ይሸፍን እንደሆነ እንጂ የተበላሸ አሳ አያድስም።

አስተናጋጇ ደግሞ ሰውዬው ሲያማርር «አሳ አሳ ካልሸተተ ምን ሊሸት ነው?» አለችው። ባርሯት የሚሻል የመሰላችሁ አላችሁ። ያንን ቀልድ ከማን ተማረችው? ከኔ! ደንበኛ ባማረረ ቁጥር እኔው ነኝ የምለው። ትኩስ የሐይቅ አሳ እንኳን እንዲህ አይሸትም፤ ዓይኑ የጠራ፣ ጉሮሮው ቀይ ነው።

አሁን ወደ ምክራችሁ ልምጣ። «መብራት ኃይልን ውቀስ» ያላችሁኝ፣ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም፣ አሳውን ያቀረብኩት ግን እኔ ነኝ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ለማሻሻል እንሠራለን ብለህ እለፍ» ያላችሁኝ፣ እስኪ ይህ መልስ የቱን ጥፋት ያምናል? ለአሳም፣ ለሆቴል አልጋም፣ ለታክሲም ይሆናል። የበላው ሰው የሚፈልገው ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ነው። «አጥፋውና በነፃ ጋብዘው» ያላችሁኝ፣ አስተያየት እንዲነሳ ጥቅም መስጠትን ጉግል ራሱ ይከለክላል። ባይከለክልም ጉቦ ነው።

ሃምሳው ኮከብ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ከሻሸመኔ መስመር ወርዶ ልጆቹን ይዞ የሚገባ መንገደኛ የሚያውቀኝ በምን ሆነና? በዚያ ገጽ ነው። ያልበላችሁትን «ጣፋጭ ነው» ስትሉ የምታታልሉት ያንን አባት ነው። ፈተና ላይ ስትኮራረጁ ስይዛችሁ ምን እላችሁ ነበር? ረሳችሁት?

ስለዚህ የጻፋችሁትን አንሡ። እኔ ከአስተያየቱ ሥር የጻፍኩት መልስ ይኸው፦

«ጌታዬ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። የበሉት አሳ የዋለ ያደረ ነበር፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶበታል፣ ወጥ ቤቷ አስጠንቅቃኝ እያለ እንዲቀርብ ያዘዝኩት እኔ ባለቤቱ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያሳመምዎት ከሆነም ይንገሩኝ። ቢመጡም ባይመጡም የከፈሉት ገንዘብ ይመለስልዎታል፣ ይደውሉልኝና በቴሌብር እልካለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተናል፣ ጠዋትና ማታ ይነበባል። ሌሊት መብራት ከጠፋ የተረፈው አሳ ይጣላል፣ የዕለቱ ካልመጣም «ዛሬ አሳ የለም» እንላለን። አስተናጋጇም እኔን ሳትጠይቅ ሳህን የመመለስና ሂሳብ የመሰረዝ ሥልጣን አላት። ደግመው ቢመጡ ደስ ይለኛል። ሳይነግሩን ይግቡ፣ እንደማንኛውም ሰው ይዘዙ፣ አሳውን ሳይጠበስ ማየት ከፈለጉ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው። አስተያየትዎን እንዲያነሱ አልጠይቅም።»

ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ የመቅረት መብት አለው። እናንተ ግን በቡልቡላ ስታልፉ ግቡ፣ ብሉ፣ ከዚያ ያገኛችሁትን ጻፉ። አንድ ኮከብ ከሆነም አንድ። ቲቸር ነው ብላችሁ እንዳትራሩልኝ።