ከብድራችሁ ላይ ትርፍ ብር ስትከፍሉ አንድ ወረቀት ጠይቁ

ሰሞኑን መምህራን ክፍል ውስጥ ስንከራከርበት የነበረ ጉዳይ ነው። መካነ ሰላም ላይ ደመወዝ አስይዞ ያልተበደረ መንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ከባንክም ይሁን ከቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በየወሩ ከፔሮል ይቆረጣል። አንዳንዱ ለፋሲካ ያደለበውን በሬ ሽጦ ወይ ስንዴው ደህና ዋጋ አውጥቶለት ትርፍ ብር ሲያገኝ ዕዳዬን ላቅልል ብሎ ይሄዳል። ጥሩ! ግን ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ሳይነግር ከፍሎ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። 100,000 ብር፣ በዓመት 15 በመቶ፣ ለ36 ወር፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ (ወለዱን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት፣ የናንተን ውላችሁ ላይ እዩ)። ወርሃዊ ክፍያው 3,466 ብር ከ53 ሳንቲም ይሆናል። 12 ወር በትክክል ተከፍሎ ቀሪው ዕዳ 71,494 ብር ከ53 ሳንቲም ነው፣ የሚቀረው ደግሞ 24 ወር። ልክ በዚያ ቀን 20,000 ብር ጨመራችሁ እንበል።

ይቺ 20,000 ሦስት መንገድ አላት።

አንደኛው፣ ሠራተኛው «የሚቀጥሉትን ወራት ቀድመህ ከፈልክ» ብሎ ይመዘግባል። አምስት ወር ከምናምን ያርፋሉ፣ ደስ ይላል። ዕዳው ግን እንደ ድሮው ሰሌዳ ነው የሚሄደው፣ ከወለዱ አንድ ብር አልቀነሰም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ተበዳሪው ያተረፈ መስሎት ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ሁለተኛው፣ ብሩ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል፣ 24ቱ ወር ግን እንዳለ ይቆያል። ቀሪው 51,494 ብር ከ53 ሳንቲም ስለሆነ ወርሃዊው ወደ 2,497 ብር ይወርዳል። ከወለድ የሚተርፈው ወደ 3,270 ብር ነው።

ሦስተኛው፣ ዋናው ይቀነሳል፣ ወርሃዊው እንዳለ 3,466.53 ሆኖ ይቀጥላል፣ የሚያጥረው ጊዜው ነው። ስንት ወር ይቀራል? የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ 10ኛ ክፍል ላይ «ቲቸር፣ ሎጋሪዝም የት ይጠቅመናል?» ትሉኝ ነበር አይደል? እዚህ ጋ! ኤክሴል ያለው እንዲህ ይጻፍ፦

```
=NPER(15%/12,-3466.53,51494.53)
```

16.5 ይላችኋል። ማለትም 16 ሙሉ ክፍያ፣ 17ኛው ደግሞ ወደ 1,860 ብር ብቻ። ከ24 ወር ሰባቱ ጠፉ፣ ከወለድም ወደ 5,870 ብር ተረፈ። በዚያው 20,000 ብር፣ ከሁለተኛው በ2,600 ብር ይበልጣል። ኤክሴል የሌለው በስልኩ ካልኩሌተር ይችላል፦ ቀሪውን በ0.0125 አባዝቶ የወሩን ወለድ ያገኛል፣ ያንን ከ3,466.53 ላይ ሲቀንስ የሚተርፈው ከዋናው የሚወርደው ነው። ከዚያ በአዲሱ ቀሪ እንደገና፣ እስኪያልቅ ድረስ። አድካሚ ነው፣ ግን ማንም አያታልላችሁም።

ኑሮ የከበደው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በወር ወደ 970 ብር መተንፈሻ ነው። የኔ ክርክር ምርጫው የተበዳሪው ይሁን ነው። ዝም ካለ ደግሞ ጊዜው እንዲያጥርለት ይታሰብ፣ ምክንያቱም ትርፍ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ከዕዳ ቶሎ መውጣት ፈልጎ ነው። የቁጠባ ማኅበር አባል የሆናችሁ ይህንን በጠቅላላ ጉባኤ አንስታችሁ በብድር መመሪያችሁ ላይ ማስጻፍ ትችላላችሁ፤ ማኅበሩ እኮ የናንተው ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ውሉን አንብቡ። ወለዱ ፍላት ከሆነ፣ ማለትም ከመጀመሪያው 100,000 ላይ ለሦስት ዓመት በአንዴ ተሰልቶ (45,000 ብር) ከተጫነ፣ ቀድሞ መክፈል ብቻውን ወለድ አይቀንስም፤ የሚቀነስ ነገር ካለ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለም እዩ። ሌላው፣ በወሩ መሐል ከሄዳችሁ በመጀመሪያ እስከዚያ ቀን ያለው ወለድ ይነሳል። በምሳሌያችን ከክፍያ ቀኑ 15 ቀን ቢያልፍ ከ20,000ው ወደ 440 ብር ለወለድ ይሄድና የቀረው ነው ከዋናው የሚወርደው። ስለዚህ መደበኛው ክፍያ በተቆረጠ ማግስት ብትሄዱ ሒሳቡን ለማረጋገጥ ይቀላችኋል።

«ይህ ብር ከዋናው ብድር ተቀንሶ፣ ወርሃዊ ክፍያዬ ሳይቀየር የመክፈያ ጊዜዬ ይጠርልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ አዲሱን የመክፈያ ሰሌዳ አሳትማችሁ ውሰዱ። አንድ ኮፒ ለመሥሪያ ቤታችሁ ፋይናንስ ስጡ፤ አለበለዚያ ፔሮሉ በመጨረሻው ወር 1,860 መቁረጥ ሲገባው ሙሉውን 3,466 ይቆርጥና ለማስመለስ ትመላለሳላችሁ።

በሚቀጥለው ወር ደረሰኙ ላይ የወለዱን መስመር ተመልከቱ። 643 ብር ከ68 ሳንቲም ካለ ብራችሁ ዋናው ላይ አርፏል። 893 ብር ከ68 ሳንቲም ካለ ግን ቀሪው አሁንም 71,494.53 ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን ሰሌዳውን ይዛችሁ ተመለሱ።