ጽሑፉ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጥ፦ የፊደል ቅጥያና የጨርቅ እጥፋት

በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ለምረቃ፣ ለስፖርት ቡድን ወይም ለማኅበር የሚታተም ቲሸርት አብዛኛውን ጊዜ ከመታተሙ በፊት በምስል ይታያል። ጎሬ ወይም ቡሬ ላይ ያለ ደንበኛ ጨርቁን ሳይዳስስ፣ በስልኩ በደረሰው የማሳያ ምስል ብቻ «እሺ፣ ይታተም» ብሎ ሊወስን ይችላል። ምስሉ እንግዲህ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ውል ነው። የስም ስሕተት ካለ የሚታረመው በእርሱ ላይ ነው፤ ቀለም ጨርቅ ላይ ካረፈ በኋላ ማረም አይቻልም። ስለዚህ በምስሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ለዓይን ከማማሩ በፊት በትክክል መነበብ አለበት።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ግን ይህንን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ንድፍ ሠሪው በላቲን ፊደል የተዘጋጀ ማሳያ ይወስዳል፤ በፎቶሾፕ ውስጥ ጽሑፉን የያዘውን `Smart Object` ይከፍታል፤ የነበረውን ቃል አጥፍቶ በአማርኛ ይጽፍና ያስቀምጣል። ጽሑፉን ከጨርቁ እጥፋት ጋር የሚያስኬደው `Displace` የተባለው ማጣሪያ ግን በቀድሞው ቁጥሩ ይቀጥላል። ይህ ልማድ ለግዕዝ ፊደል አይበጅም። ጽሑፉ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩም እንደገና ሊሰላ ይገባል። ምክንያቱን ለመረዳት ማጣሪያው የሚሠራውን ስሌት ማየት ያሻል።

የማንሸራተቻ ካርታ፣ በተለምዶ ዲስፕሌስመንት ማፕ የሚባለው፣ ከራሱ ከቲሸርቱ ፎቶ የሚወጣና በ`PSD` ፋይል የሚቀመጥ ግራጫ ምስል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የብርሃን መጠን አለው። 128 የሆነው ነጥብ ጽሑፉን ባለበት ይተወዋል፤ ከዚያ የጠቆረው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የነጣው ወደ ተቃራኒው ያንሸራትተዋል። የሽርተታው ርቀት በፒክስል እንዲህ ይሰላል፦

```
(v - 128) × scale / 100
```

`scale` የተባለው በ`Horizontal Scale` እና በ`Vertical Scale` የሚሞላው ቁጥር ነው። ካርታው ግራጫ ብቻ ከሆነ አንዱ መጠን ለሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያገለግል፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ጽሑፉ በሰያፍ ይንሸራተታል። ማጣሪያው ስለ ጥልቀት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያነበው ብርሃንን ብቻ ነው። ስለዚህም ነጭ ቲሸርት በአማካይ 200 ገደማ ብርሃን ካለውና ቁጥሩ 10 ከሆነ፣ እጥፋት በሌለበት ቦታ እንኳ ጽሑፉ 7.2 ፒክስል ከቦታው ይለቃል። መፍትሔው በካርታው ፋይል ላይ ብቻ `Levels` ተጠቅሞ ለጥ ያለውን የጨርቅ ክፍል ወደ 128 ማምጣት ነው።

ዋናው ችግር የሚታየው በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ ነው። ለምሳሌ ከትልቁ ርእስ ሥር «መቱ» የሚል ቃል 60 ፒክስል ቁመት ባለው ፊደል ተጽፏል እንበል። ካዕቡን «ቱ» ከሣልሱ «ቲ» የሚለየው በቀኝ በኩል ያለው አጭር ሰረዝ የሚገኝበት ከፍታ ነው፤ በካዕቡ መሐል ላይ፣ በሣልሱ እግር ላይ ይውላል። በዚህ መጠን በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ርቀት እንደ ፊደሉ ቅርጽ ቢለያይም 15 ፒክስል፣ የሰረዙ ርዝመት ደግሞ 10 ፒክስል ያህል ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። አሁን በፊደሉ ምሰሶና በሰረዙ መካከል የሰላ እጥፋት ቢያልፍ፣ ከእጥፋቱ ወዲህ 68፣ ወዲያ 188 ቢሆን፣ ልዩነቱ 120 ነው። በቁጥር 10 ሰረዙ ከምሰሶው አንጻር 12 ፒክስል ይንሸራተታል። ወደ ታች ከወረደ ሣልሱ ሊመስል ጥቂት ይቀረዋል፤ «መቱ» ለዓይን «መቲ» ይሆናል። ወደ ጎን ሲሆን ደግሞ ማጣሪያው 12 ፒክስል የሚያህል ምንጭ ዘሎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ 10 ፒክስል የሆነው ሰረዝ ጨርሶ ይዋጣል፤ የሚቀረውም «መተ» ነው። እጥፋቱ በተቃራኒው ሲሆን ሰረዙ ይደገማል ወይም ይረዝማል።

በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ስም በዚሁ ቁጥር የሚደርስበት ጉዳት ሌላ ነው። የከተማዋ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም አናባቢ አንዱን ፊደል ደግሞ በመጻፍ ይገለጻል፤ ፊደሉ ቢጎብጥም ሁለትነቱ አይጠፋም። በአንድ ቲሸርት ላይ በሁለቱም ፊደላት ሲጻፍ እንግዲህ አንዱ ቁጥር ለአንዱ የሚስማማ፣ ለሌላው የሚያሳስት ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩን መቀነስ የመጀመሪያው መድኅን ይመስላል፤ ከሱ የሚበልጠው ግን ካርታውን ማደብዘዝ ነው። በ`Gaussian Blur` ያው የ120 ልዩነት በአንድ ጠርዝ ላይ ከመከመር ይልቅ በ60 ፒክስል ስፋት ላይ ቢዘረጋ፣ 10 ፒክስል በሚሆነው ሰረዝ ላይ የሚያርፈው ልዩነት 20 ብቻ ይሆናል። በቁጥር 10 ይህ 2 ፒክስል ነው። ፊደሉ በሙሉ ይጎብጣል እንጂ ሰረዙ ከምሰሶው አይነጠልም። የክሩ ሽመናም ከካርታው ስለሚጠፋ የፊደሉ ጠርዝ አይቦጫጨቅም። ማደብዘዙ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ እጥፋቱ ዘንድ ሳይደርስ መጉበጥ ይጀምራል። ስለዚህ 200 ፒክስል ለሆነው ርእስ አንድ ካርታ፣ ለትናንሾቹ ስሞች ይበልጥ የደበዘዘ ሌላ ካርታ ማዘጋጀትና በየንብርብራቸው መለየት ይሻላል። ለ200 ፒክስሉ ፊደል ያ 12 ፒክስል ከቁመቱ 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ የሰላው ካርታ አይጎዳውም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ሽርተታው ሲለዝብ ጽሑፉ በጨርቁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል የሚል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን የእጥፋቱ እውነተኛነት ከሽርተታው ይልቅ ከጥላው የሚመጣ ነው። በነጭ ጨርቅ ላይ ያለ ባለቀለም ጽሑፍ በ`Multiply` ሲዋሐድ የጨርቁ ጥላ በላዩ ይታያል። ጥቁር ጽሑፍ ግን ከጥቁርነቱ የተነሣ ጥላውን ስለሚውጥ፣ ትንሽ ወደ ግራጫ መሳብና የእጥፋቱን ብርሃን በላዩ መመለስ ያስፈልጋል። ጥልቅ እጥፋት ደግሞ በእውኑ ዓለም የኅትመቱን ከፊል ይደብቃል፤ `Displace` ግን ያንሸራትታል እንጂ እንደ ጨርቁ አጥፎ አይደብቅም። እንዲህ ያለ እጥፋት በስም ላይ ከዋለ ቁጥር ከመነካካት ይልቅ ሌላ ፎቶ መምረጥ ይቀላል።

በዩኒቨርሲቲ የንድፍ ትምህርት የሚሰጡ የኅትመት ማሳያ ልምምዶችም ምዘናቸውን በመልክ ብቻ ሊወስኑት አይገባም። ሥራው በስልክ ስፋት ተቀንሶ፣ ጽሑፉን አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው ቀርቦ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነበው ይደረግ። ከዚያም የማጣሪያው ዓይን ተዘግቶና ተከፍቶ ፊደል በፊደል ይነጻጸር። ካዕቡ ሣልስ ሆኖ ከተነበበ ምስሉ ምንም ያህል ጨርቅ ቢመስል አልተሳካም፤ ደንበኛው ሊያጸድቅ የተጠራው የራሱን ስም ነውና።