ጨለማን በልኩ ስለ መግለጥ

በ1996 ዓመተ ምሕረት የወጣው ዱም 3 የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ጨለማው የበዛ ነው። ልጆች በጥላው ውስጥ ያለውን ለማየት የማሳያውን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋሉ፤ በዚህን ጊዜ ጥቁሩ አመድ ይመስላል። በእኛም ቤት ክርክር ያስነሣው ይኸው ነበረ።

ጋማ ግን ፍጹም ጥቁሩንና ፍጹም ነጩን ሳይነካ መካከሉን፥ ይልቁንም ለጥቁር የቀረበውን ያነሣል። ነጩ 100 ቢባል፥ በጨዋታው የትእዛዝ መጻፊያ r_gamma 1.4 ሲጻፍ 5 የነበረው ጥላ ወደ 12 ከፍ ይላል፤ በ2 ግን 22 ይደርሳል። ዳሩ ግን በ2 መካከለኛው 50 ደግሞ 71 ስለሚሆን ፊቱም ግድግዳውም ይገረጣል።

ስለዚህ ከ1 ተነሥቶ 0.1 እየጨመሩ መሄድ፥ በጨለማው ጥግ ያለው ነገር ጠርዙ ሲለይ ማቆም ነው። ጥላው ሁሉ ግራጫ ከሆነ ልኩ አልፏልና አንድ እርምጃ ይመለሷል። ይህም በማታ ይደረግ፤ በቀን መስኮት ተከፍቶ የተመረጠው ልክ ማታ ይበዛልና።