የጠበቃ ዝምታ መቼ ምስጢር፣ መቼ ውሸት ይሆናል?

«ጠበቃ እንደ ንስሐ አባት ነው» የሚለው አባባል በማራኪ የሕግ ክፍሎቻችን ውስጥም፣ በጎንደር ፍርድ ቤቶች ደጃፍም ዘወትር ይሰማል። የሰማውን ይዞ መቃብር ይወርዳል ማለት ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ አደገኛ ያደረገውም ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ኃጢአት በልቡ ያኖራል እንጂ፣ የንስሐ ልጁ የፈጠረውን የሐሰት ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት አይቆምም። ጠበቃ ግን ይቆማል። የዛሬው ሙግቴም በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ተማሪዎቼን ዘወትር የምጠይቅበትን ምናባዊ ጉዳይ ላስቀድም። አንድ ነጋዴ፣ በቅርቡ የሞተ ጎረቤቱ 300,000 ብር ተበድሮት እንደነበር ገልጾ በሟች ሁለት ልጆች ላይ ክስ ያቀርባል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቅ፣ የሟችና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያለበት ውል ከክሱ ጋር ተያይዟል። ልጆቹ «ፊርማው የአባታችን ይሁን አይሁን አናውቅም» ከማለት ያለፈ መልስ የላቸውም፤ አውቆ ሊክድ የሚችለው ሰው መቃብር ወርዷልና። ምስክሮቹም ቀርበው «ሲፈርም አይተናል» ብለዋል። መዝገቡ ለፍርድ ከመቀጠሩ በፊት ነጋዴው ጠበቃው ቢሮ ገብቶ እንዲህ ይላል፦ «ገንዘቡን እውነትም ሰጥቼዋለሁ፤ በቃል ነበር የተማመንነው። ወረቀቱን ግን ያዘጋጀነው ከአርባው በኋላ ነው።»

ጠበቃው ምን ያድርግ? ብዙዎቹ ተማሪዎቼ፣ ከማውቃቸው ጠበቆችም ጥቂት የማይባሉት፣ «ዝም ይበል፤ የደንበኛ ምስጢር ነው» ይላሉ። እኔ ይህን መልስ አጥብቄ እቃወማለሁ።

በቅድሚያ የምስጢርን ክብር አልካድኩም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣን ጠበቃ ይቀጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ደንበኛ እውነቱን ካልነገረው ጠበቃ በጨለማ ይሟገታል። ግዴታው የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ኒውዮርክ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሮበርት ጋሮው የተባለ ተከሳሽ፣ የገደላቸው የሁለት ሴቶች አስከሬን የት እንዳለ ለጠበቆቹ ነገራቸው። ፍራንክ አርማኒና ፍራንሲስ ቤልጅ ቦታውን በዓይናቸው አይተው ለወራት ዝም አሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እየፈለጉ ሳለ ማለት ነው። ሕዝቡ ረገማቸው፤ ቤልጅም ተከሰሰ። ክሱ ግን በ1975 ተዘጋ። ጨካኝ ቢመስልም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠበቆቹ የያዙት ያለፈ ድርጊትን ምስጢር ነው፤ በፍርድ ቤቱ ፊት ግን አንድም ውሸት አላቀረቡም።

የእኛ ነጋዴ ጠበቃ ከዚህ ይለያል። ሐሰተኛው ውል የተያያዘው እርሱ ራሱ ባዘጋጀው ክስ ላይ ነው። በየአቤቱታችን ግርጌ «በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ከልማድ ብዛት የማትነበብ ሆናለች እንጂ፣ ዳኛው መዝገቡን የሚከፍተው እርሷን አምኖ ነው። ጠበቃው እውነቱን ካወቀ በኋላ በመጨረሻው ክርክር ላይ «በውሉና በምስክሮቹ እንደተረጋገጠው» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ምስጢር መጠበቅ አይደለም። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው፤ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ደግሞ ወንጀል ነው። ብድሩ እውነት ሊሆን ይችላል የሚለውም አያድነውም። ልጆቹ የአባታቸውን ቤት በሐራጅ የሚያጡት ማንም ባልፈረመው ወረቀት ነው።

«እንግዲያው ውክልናውን ትቶ ይውጣ» የሚሉም አሉ። ለጠበቃው ኅሊና ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ነጋዴው ግን በማግስቱ ሌላ ጠበቃ ይይዛል፤ ለእርሱ ስለ አርባው አይነግረውም። ውሉም ምስክርነቱም በመዝገቡ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ፍርዱም በእነርሱ ላይ ይቆማል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ግን ለመጥሪያው ቀጠሮ አበጅቶለታል። በቁጥር 6 መሠረት በሐሰተኛ ማስረጃ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንደገና እንዲታይለት የሚጠይቀው ሐሰቱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ተገቢውን ጥረት አድርጎም ቀደም ሲል ሊደርስበት እንዳልቻለ ማስረዳት አለበት። ልጆቹ ከማን ይወቁ? ሐሰቱን የሚያውቁት ነጋዴው፣ ሁለቱ ምስክሮችና ጠበቃው ናቸው። ሦስቱ ቢናገሩ ይታሰራሉ። ስለዚህ የጠበቃው ዝምታ ገለልተኛ ዝምታ አይደለም፤ የመጨረሻውን በር ከውጭ የሚቆልፍ ቁልፍ ነው።

ታዲያ መንገዱ የቱ ነው? በእኔ እምነት ደረጃ አለው። ጠበቃው መጀመሪያ ደንበኛውን ብቻውን አስቀምጦ ውሉን በራሱ ፈቃድ እንዲያነሳ፣ ክሱንም እንዲተው ይመክረዋል። እምቢ ካለ በዚያ ማስረጃ ላይ አንዲት ቃል እንደማይከራከር ያሳውቀዋል። በዚህም ካልተመለሰ ለፍርድ ቤቱ ይናገራል፤ የሚናገረውም «ያቀረብኩት ውልና የምስክሮቹ ቃል እምነት ሊጣልባቸው አይገባም» የምትለውን ብቻ ነው። ደንበኛው ስለ ንግዱና ስለ ቤተሰቡ የነገረው ሌላው ሁሉ እንደተከደነ ይቀራል።

ይህ ደንበኛን መክዳት ነው የሚለኝ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በኒክስና በኋይትሳይድ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ይመልከት። በነፍስ ግድያ የተከሰሰው ኋይትሳይድ፣ ሟች እጅ ላይ «የሚያብለጨልጭ ብረት አየሁ» ብሎ በሐሰት ሊመሰክር ፈለገ። ጠበቃው «ይህን ካልክ ለፍርድ ቤቱ እነግራለሁ» አለው። ተከሳሹ ሐሳቡን ተወ፤ ተፈረደበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የጠበቃ መብቱ አልተነካም አለ። የሰው ነጻነት በተያዘበት የወንጀል ክስ እንዲህ ከተባለ፣ ለገንዘብ ክርክራችንማ ምን ይባል?

ሁለት ገደብ ላብጅ። ይህ የምለው ጠበቃው ሲያውቅ ነው፤ ሲጠረጥር አይደለም። ጥርጣሬን መመዘን የዳኛ ሥራ ነው። ደግሞም ጥፋተኛ መሆኑን የነገረውን ተከሳሽ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ እየፈተነ የሚከላከል ጠበቃ አይዋሽም።

«ደንበኛ ከፈራ አይናገርም» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ወሰኑን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። የሚከብደው ሌላው ስጋት ነው። ለፍርድ ቤት የተናገረ ጠበቃ ደንበኛው በአንቀጽ 399 ቢያመለክትበትስ? አንቀጽ 400 ምስጢር ከሚገለጥባቸው መንገዶች መካከል የባለ ምስጢሩን ግልጽ ፈቃድና የፍርድ ቤትን ግልጽ ውሳኔ ይጠቅሳል። ነጋዴው አይፈቅድም። ፍርድ ቤቱስ መኖሩን ስለማያውቀው ምስጢር እንዴት ይወስናል? ደንብ ቁጥር 57/1992 ለደንበኛም ለፍርድ ቤትም ታማኝ ሁን ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ማስታረቅ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፌዴራሉም ሆነ የክልላችን የጥብቅና ሕግ፣ ጠበቃ ራሱ ያቀረበው ማስረጃ ሐሰት መሆኑን ሲያውቅ የሚሄድበትን ደረጃ በግልጽ ይጻፍ፤ በዚያ መንገድ የሄደ ጠበቃም በአንቀጽ 399 እንደማይጠየቅ ይደንግግ። እስከዚያው ድረስ ሐቀኛው ጠበቃ ለእውነት ሲል በገዛ እስራቱ ይወራረዳል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ አበሉን ይቀበላል።