አረንጓዴ ምልክት ፊርማ አይደለም

በመጋቢት 2016 የሆነውን የረሳችሁት አይመስለኝም። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ጀመሩ። በእነዚያ ሰዓታት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተፈጸመ፤ ባንኩ ያላግባብ ወጣብኝ ያለው ገንዘብም ወደ 800 ሚሊዮን ብር ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተነገረን። ቀጥሎ ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ወጣ። እኛም በየቡና ቤቱ የተከራከርነው ተማሪው ሌባ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነበር። "ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ማን አየው?" ብሎ የጠየቀ ግን እኔ በተቀመጥኩበት አልሰማሁም።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ላነሳ ነው፤ ባንኩን ለመክሰስ አይደለም። ከዚያ በጣም ባነሰ ቦታ፣ በሁለትና በሦስት ልጆች በሚሠራ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ይኸው ጥያቄ በየቀኑ ስለሚታለፍ ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፕሮግራመር ኮድ ሲቀይር ለውጡን በቀጥታ ዋናው ላይ አይጽፍም፤ መጻፍ የለበትምም። "ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ" የሚል ማመልከቻ ያቀርባል። ይህ ፑል ሪኩዌስት ይባላል። ማመልከቻው እንደቀረበ ማሽን በራሱ ፈተናዎችን ያካሂዳል፤ ካለፉ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ከዚያ ሌላ ሰው ለውጡን አንብቦ ያጸድቃል፣ ለውጡም ከዋናው ጋር ይዋሃዳል፤ ሜርጅ የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ አረንጓዴ ነው፣ ገምጋሚ ግን የለም። ማንም አልተመደበም፣ የተመደበውም አልመለሰም። ቁልፉ ግን ክፍት ነው፤ `Merge pull request` ይላል። ይጫን ወይስ አይጫን?

ብዙዎቹ ልጆቻችን ይጫኑታል። "ፈተናውን አልፏል" ይላሉ። እኔ ደግሞ ፈተናውን ማን ጻፈው እላለሁ።

እስኪ በአንድ ምሳሌ እንየው። እንበልና አምበር ላይ አንድ የገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ብድሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም አሠርቷል። የአንድ ወር ብድር የሚመለስበትን ቀን የሚያሰላው ክፍል እንዲህ ተጻፈ፦

```python
def add_month(y, m, d):
    if m < 12:
        return (y, m + 1, d)
    return (y + 1, 1, d)
```

ከጎኑም ፈተናው መጣ፦

```python
assert add_month(2017, 5, 10) == (2017, 6, 10)
assert add_month(2017, 12, 15) == (2018, 1, 15)
```

የመጀመሪያው መስመር ጥር 10 የተበደረ የካቲት 10 ይመልስ ይላል። ሁለተኛው ነሐሴ 15 የተበደረ መስከረም 15 ይመልስ ይላል፤ ጳጉሜ እንደ ወር አይቆጠርም። ይህ ስህተት አይደለም፣ የወር ደመወዝተኛም ለጳጉሜ ለብቻው አይከፈለውም። ሁለቱም ፈተናዎች ያልፋሉ፣ አረንጓዴው ይበራል።

አሁን አንድ ገበሬ ለእንቁጣጣሽ በግ መግዣ ብሎ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ተበደረ እንበል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ናት፤ 13 ከ12 አያንስም፣ ስለዚህ ኮዱ በመጨረሻው መስመር ያልፋል። መልሱ መስከረም 3 ነው። ቁጠሩት፦ ጳጉሜ በዚያ ዓመት 5 ቀን ስለነበረች የቀሩት 2 ቀናትና የመስከረም 3 ቀናት ተደምረው 5 ቀን ይሆናል። የአንድ ወር ብድር የተባለው በ5 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ቅጣት ይጀምራል ማለት ነው። በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት፣ አንድ ቀን ይጨመርለታል።

ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ቀይ ጽሑፍ አላወጣም፣ አልቆመም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከበዓል ማግሥት፣ ገበሬው ማኅበሩ ቢሮ ደርሶ "ወሩ መቼ ሞላ?" ብሎ ሲጮህ ነው። ፈተናው ለምን አልያዘውም? ኮዱን የጻፈው ሰው ፈተናውንም ስለጻፈ ነው። ኮዱን ሲጽፍ ያልታሰበው ጳጉሜ፣ ፈተናውን ሲጽፍም አልታሰበውም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ለራስ ፈተና ሲያወጡም እንዲሁ ነው።

ከዚህም በላይ እዚህ የጎደለው የኮድ መስመር ብቻ አይደለም፣ ውሳኔ ነው። ጳጉሜ 3 የተበደረ ጥቅምት 3 ይመልስ? ወይስ 30 ቀን ተቆጥሮ? ይህን የሚወስነው ማኅበሩ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ያልተወሰነ ነገር በአረንጓዴ ምልክት ተሸፍኖ ሲገባ፣ አንድ ልጅ በእኩለ ሌሊት ብቻውን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጣ ማለት ነው።

ምልክቱ ራሱም ሁልጊዜ የሚመስለውን አይደለም። ጊትሃብ ላይ በቅድመ ሁኔታ ምክንያት የተዘለለ ፈተና ውጤቱ እንደ `Success` ይቆጠራል፣ ውህደቱን አያግድም። ዝርዝሩን ከፍቶ ያላየ ሰው የተፈተነውንና የተዘለለውን አይለይም። ሌላም አለ፤ ፈተናው የተካሄደው ከሦስት ሳምንት በፊት ከሆነና ዋናው ኮድ ከዚያ ወዲህ ከተቀየረ፣ የሚታየው አረንጓዴ የዛሬ ሳይሆን የዚያን ቀን ምስክርነት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዝርዝሩን ክፈቱ፦ የትኛው ሮጠ፣ የትኛው ተዘለለ፣ መቼ? ዋናው ኮድ ከተቀየረ ለውጡን ከእሱ ጋር አስተካክላችሁ ፈተናውን እንደገና አስሩጡት። አምስት ደቂቃ ነው።

"ገምጋሚውን ጠይቀነው ዝም አለ፣ ዝምታ ስምምነት ነው" የሚሉም አሉ። ይህን ለጎጃም ሰው አትንገሩት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ለተቀመጠ ሰው የተላከ የግምገማ ጥያቄ መልስ ባያገኝ፣ ሰውየው ተስማምቶ ነው? መልእክቱ እንኳ አልደረሰውም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሁለት ጠንካራ ነገር አላቸው፤ አልሸሽጋቸውም። አንዱ፣ ግምገማም ያመልጠዋል የሚለው ነው። እውነት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ የኢንተርኔት ምስጢር በሚጠብቀው ሶፍትዌር ውስጥ ሀርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በእ.ኤ.አ. 2011 መጨረሻ ቀን ሲገባ፣ ሌላ ሰው ገምግሞት ነበር። እስከ ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. በይፋ አልተገለጠም። ሁለተኛ ዓይን ዋስትና አይደለም። ነገር ግን በር ጠባቂ አንድ ቀን እንቅልፍ ስለወሰደው በሩ ይነቀል የሚል ሰው አላየሁም።

ሌላው ይከብዳል፦ "ሁለተኛ ፕሮግራመር የለንም።" አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ሰበብ ሊመስለው ይችላል፣ አምበር ላለ ግን እውነት ነው። ጊትሃብ ራሱ የራስህን ማመልከቻ በራስህ እንድታጸድቅ አይፈቅድልህም፤ ስለዚህ `Require approvals` የሚለውን ሕግ ያበራ ብቸኛ ሰው ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ በአስተዳዳሪነት ሥልጣኑ ሕጉን ይዘለዋል። መዝለል ይጀምርና ይለምደዋል።

የእኔ መልስ እነሆ። ገምጋሚ የግድ ፕሮግራመር መሆን የለበትም። ከላይ ያለውን ለውጥ አስተካክሎ መገምገም የምትችለው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናት። ኮዱን አታሳያት፤ ኮዱ የሚሰጠውን መልስ በአንድ ገጽ አትምላት። በግራ የተበደረበት ቀን፣ በቀኝ የሚመልስበት ቀን፣ ስድስት መስመር፦ ጥር 10፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ 1፣ ጳጉሜ 3፣ ጳጉሜ 5፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜ 6። እሷ ስንት ዓመት መዝገብ ይዛለች፤ ጳጉሜ 3 ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። "ይሄ ምንድን ነው ልጄ?" ትላለች። ያ ነው ግምገማ ማለት። የተናገረችውን ማመልከቻው ሥር ጽፈህ፣ ጳጉሜን የሚጠይቅ ፈተና ጨምረህ፣ ያኔ አዋህድ።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ አይደለም። የፊደል ግድፈት፣ የአዝራር ቀለም፣ የማብራሪያ ጽሑፍ ከሆነ ፈተናው ካለፈና ራስህ በማግሥቱ በቀዝቃዛ አእምሮ ካነበብከው አስገባው፤ ማንንም አታስጠብቅ። ልዩነቱን የሚያሳየኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ ለውጡን ብመልሰው ያደረገው ሁሉ ይመለሳል? ቀለም ይመለሳል። የተጻፈ ቅጣት፣ የወጣ ገንዘብ፣ የተሰረዘ መዝገብ፣ ለማይገባው ሰው የተሰጠ የመግቢያ ፈቃድ ግን ኮዱን በመመለስ አይመለሱም። የመጋቢት 2016ቱን አስታውሱ፤ ሲስተሙ ከተስተካከለ በኋላ ነው የብር ፍለጋው የተጀመረው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ እየዞሩ። ገንዘብን፣ ቀንን፣ ፈቃድንና የመዝገብ ቅርጽን የሚነካ ለውጥ ያለ ሌላ ሰው ዓይን አልተዘጋጀም፤ መቶ ፈተና ቢያልፍም አልተዘጋጀም።

ሲስተሙ ወድቆ ሰው ተሰልፎ ከሆነስ? ያኔ አስገባ፣ ግን አጥበህ፤ የሚያስነሳውን ብቻ። ማመልከቻው ላይ "ሳይገመገም ገባ፣ በዚህ ምክንያት፣ በዚህ ሰዓት" ብለህ ጻፍ፣ በማግሥቱም የሚያየው ሰው ስም አስቀምጥ። ስሙ ባዶ ሆኖ ሳምንት ካለፈ ግን የድንገተኛ ጊዜ ሥራ መሆኑ ቀርቷል፤ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ መጠየቅ ያለበት ያን ጊዜ ነው፣ ልጁን ብቻ ሳይሆን። ለሶፍትዌሩ ከፍሎ ለሁለተኛ ዓይን አንድ ሰዓት ያልመደበው እሱ ነውና።