ከረሜላ የሚመስለው ቫይታሚን፦ ቆልፉበት፣ ፎቶም አንሱት

ከውጭ ዘመድ የሚልክልን የልጆች ቫይታሚን ቀለሙም ጣዕሙም ከረሜላ ነው። ልጅ ደግሞ አንድ በልቶ አያቆምም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ አይረን ያለበት የሚታኘከው ዓይነት ነው። እንደ ጄሊ የሚለጠጡት አብዛኞቹ አይረን የላቸውም፤ ግን ጽሑፉን ሳታዩ አትመኑ።

ዕቃውን በከፈታችሁ ቀን ጽሑፉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የአይረኑ ሚሊግራም፣ የፍሬው ብዛት፣ ሚሊግራሙም የአንድ ፍሬ ይሁን የሁለት በግልጽ ይታይ። ከዚያ መጠኑን ለማየት ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት።

12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 20 ፍሬ በላ እንበል። አንዱ ፍሬ 18 ሚሊግራም ካለው 360 ሚሊግራም ወሰደ፤ ለ12 ሲካፈል በኪሎ 30 ነው። በኪሎ ከ20 ካለፈ ሊመርዝ ይችላል፤ ከ60 በላይ ለሕይወት ያሰጋል። ስሌቱን እኛ እንሠራለን፤ እናንተ የቀረውን ቆጥራችሁ፣ ፎቶውንና ዕቃውን ይዛችሁ ቶሎ ሆስፒታል ኑ።

ትውከቱ ስለቆመ «ተሻለው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አይረን ጋብ ካለ በኋላ ከሰዓታት ቆይቶ ሊብስ ይችላል።

እባካችሁ፣ «ና ከረሜላ ልስጥህ» እያላችሁም አትስጡ።