ቬሎዋን መንካት ነውር፣ ፊቷን ማንጣት ሙያ

«እህቴ፣ ካሜራ አይዋሽም። እኔ የተነሳውን ፎቶ አላበላሽም።»

ባለፈው ጥር ደምበጫ ላይ የተዳረች ሙሽራ ለፎቶ አንሺዋ ደብዳቤ ጽፋ ያገኘችው መልስ ይህ ነው። ደብዳቤዋን ፈቅዳ አሳይታኛለች። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ጨዋ ደብዳቤ ነው፦ «ወንድሜ፣ ስለ ድካምህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቬሎዬ ክሬም ነው፤ ዳስ ውስጥ በተነሳነው ላይ ሰማያዊ ሆኗል፣ አመሻሽ ላይ በተነሳነው ደግሞ የወተት ሻይ መስሏል። ጸጉሬ ጥቁር ነው፤ አልበሙ ላይ ቀይ ነው። እናቴ መቼ ተቀባሽ አለችኝ። እባክህ እንደነበረው አድርግልኝ።»

በዚህ ደብዳቤ የሳቁ ሰዎች አሉ። «ሙሽራዋ በኮምፒዩተር ልትሞሸር ነው» ብለው የቀለዱም አሉ። ቀልደኞቹን እተዋቸዋለሁ። እኔን ያናደደኝ የባለሙያው መልስ ነው፤ ምክንያቱም አልበሙን አይቼዋለሁ።

አልበሙ ውስጥ የሙሽራዋ ፊት ከእጇ በሁለት ደረጃ ቀልቷል። ሙሽራዋ ፊቴን አንጣልኝ አላለችም፤ ደብዳቤዋም ላይ ይህን አላነሳችም፣ ምናልባት ሁሉም አልበም እንዲህ ስለሚሠራ ለምዳው ይሆናል። እንግዲህ «የተነሳውን አላበላሽም» ያለው ሰው ሳይጠየቅ የሰው ቆዳ ቀይሯል። ጨርቅ ወደ ራሱ ቀለም መልስ ሲባል ግን የእውነት ዘበኛ ሆኖ ተነሳ። ቬሎው ቅዱስ ነው፣ ፊቷ ግን የእሱ መለማመጃ ነው ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ጸጉሯን ያቀላው ያው ፊቷን ያነጣበት እጁ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ቀለሞችን ለየብቻ የሚያደምቁና የሚያደበዝዙ መቆጣጠሪያዎች አሏቸው። የእኛ ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ በአብዛኛው የሚያርፈው ብርቱካናማው ላይ ነው። ፊት ለማንጣት የቸኮለ ኤዲተር ብርቱካናማውን ይይዝና የብርሃን መጠኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፊቱ ወዲያው ይፈካል። ግን መቆጣጠሪያው ፊትን ከሌላው አይለይም፤ ብርቱካናማ ያለበትን ሁሉ አብሮ ያነሳል። ጥቁር ጸጉር በጥር ፀሐይ ሲያብለጨልጭ ጫፍ ጫፉ ላይ ቡናማ ነጸብራቅ አለው፤ እሱም አብሮ ተነሳ። ከዚያ ላይ «ሲኒማ ይመስላል» እየተባለ በአንድ ጠቅታ የሚደፋው ሞቃት ቀለም ሲታከል ጥቁሩ ጸጉር ቀላ፣ ክሬሙ ቬሎም ሻይ ጠጣ።

ማስረጃው እዚያው አልበሙ ውስጥ አለ። የዳሱን ምግብ ያነሳበትን ገጽ ገልጣችሁ ብርጭቆዎቹን እዩ፤ ጠላው ጠጅ መስሏል። ደምበጫ ውስጥ ያን ቀን ጠጅ ያልቀረበበት ዳስ ውስጥ ጠጅ የፈጠረ ካሜራ እንግዲህ አይዋሽም።

እጇ ለምን ከፊቷ ይልቅ ጠይሞ ቀረ የሚል ይኖራል። ፊቱ ላይ ብቻ በብሩሽ ለሁለተኛ ጊዜ ስለተኬደበት ነው። አንገትና እጅ ጊዜ ይፈጃሉ፤ ስለዚህ ተዘለሉ። የነጣ ፊት ለማወቅ የፈለገ ሰው ሙሽራዋ እጇን ጉንጯ ላይ ያደረገችበትን ፎቶ ይፈልግ፤ እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለበት አልበም ደግሞ የለም።

ሰማያዊው ቬሎ የተለየ ታሪክ አለው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ በፊት ይጀምራል። ዳሱ የተሸፈነው በሰማያዊ ሸራ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ በሸራው ውስጥ አልፋ ስትወርድ ከሥሩ ያለውን ነጭ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ታደርገዋለች። የሰው ዓይን ይህን በደቂቃዎች ይለምደዋል፤ እዚያ የተቀመጡት አክስቶች ቬሎው ክሬም እንደሆነ ነው ያዩት። ካሜራው ግን ነጭ የቱ እንደሆነ እንዲያውቅ ሊነገረው ይገባል። በራሱ እንዲገምት ከተተወ ገምቶ ይስታል፤ በተለይ ከላይ ሰማያዊ ሸራ፣ ከጎን ቢጫ አምፖል ሲኖር። በእንዲህ ያለ ብርሃን አንድ ማስተካከያ ለሙሉው ፎቶ አይበቃም፤ ቬሎውን ሲያስተካክሉት አምፖሉ በኩል ያለው ጉንጭ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ቬሎውን ለብቻ፣ ፊቱን ለብቻ ከልሎ መሥራት ይጠይቃል። አድካሚ ነው። ግን ፊት ለማንጣት ፊቱን ለብቻ መከለል የቻለ ሰው ቬሎ መከለል አይችልም ብላችሁ አታሳምኑኝም።

ጥንቃቄው ግን ፎቶ ሲነሳ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አንድ ግራጫ ካርድ ቬሎው አጠገብ ይዞ አንድ ፎቶ፣ ዳስ ውስጥ ሲገባ ሌላ አንድ ፎቶ። ከዚያ በኋላ ኤዲተሩ ካርዱ ላይ ጠቅ አድርጎ ያን ብርሃን የሚያስተካክልበት መነሻ ያገኛል። ካርድ ከሌለው እንኳ የሚዜዎቹ ነጭ ሸሚዝና የእናቶች ነጠላ እዚያው ነበሩ። ሸሚዙም ነጠላውም ቬሎውም አንድ ላይ ሰማያዊ ከሆኑ ጥፋቱ የካሜራው ግምት ነው። ቬሎው ብቻ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የጨርቁ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ነጭ ጨርቅ የማፍኪያ ኬሚካል ስላለበት ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሳል። በዚህ አልበም ዳስ ውስጥ የእናቷም ነጠላ ሰማያዊ ነው።

የማይመለስ ነገር መኖሩን አልክድም። ቀትር ላይ ደጅ በተነሱት ላይ ብርሃን በዝቶ የደረቱ ዳንቴል ጨርሶ ከጠፋ፣ ካሜራው ያልመዘገበውን ማንም አያመጣውም። ፎቶው በሮው ከተነሳ የተወሰነ ትርፍ አለው፤ በጄፔግ ብቻ ከተነሳ የማስተካከያው ቦታ ይጠባል። ፎቶ አንሺው ይህን ቢጽፍላት ኖሮ እኔም ብዕሬን ባላነሳሁ። ሙሽራዋ በስልኳ ብቻ አይታ ብትከስስም ስክሪኑ ቀለም ያጋንናል ሊላት ይችል ነበር። እሷ ግን የታተመውን አልበም ቀን በመስኮት ብርሃን ነው ያየችው፤ እኔም እንደዚያው።

«ካሜራ አይዋሽም» የሚለውን አፍ የሚያዘጋ ታሪክ ከኛ ሩቅ አገር አለ። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቀለም ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት አንዲት ነጭ ሴት የተነሳችበት ካርድ ይልክላቸው ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። የሷ ቆዳ ካማረ ሁሉም አማረ ተባለ። ጥቁር ሰዎች ጥላ ሆነው ሲወጡ ለዓመታት የሰማ አልነበረም፤ ኩባንያውን ካነቃነቁት ውስጥ የእንጨቱና የቸኮሌቱ ቀለም አልለይ ያላቸው የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ ከኮዳክ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ካሜራው ትክክለኛ መልክ የቱ እንደሆነ ሁልጊዜም ሰው ነው የሚነግረው። ደምበጫ ላይም የነገረው ሰው አለ፤ ሸርሊ ሳትኖር ሸርሊን ፈልጎ የሄደ ሰው።

አሁን ክርክሩ የድጋሚ ማሳተሚያውን ማን ይክፈል ላይ ደርሷል። ፎቶ አንሺው አልበሙ አንዴ ታትሟል፣ ድጋሚ የሚታተመው በሷ ወጪ ነው ይላል። ከመታተሙ በፊት ገጾቹን አሳይቷት ነበር? አላሳያትም። ብርቱካናማውን የገፋችው እሷ ናት? አይደለችም። ሰማያዊ ሸራ ሥር ካሜራውን እንዳሻህ ገምት ብላ የተወችው እሷ ናት? እንግዲያው የዳሱንና የአመሻሹን ገጾች በራሱ ገንዘብ ያሳትም፤ ሲያሳትምም ፊቷን ከነእጇ ወደ ጠይምነቷ ይመልስላት።